የከሰዓት በኋላው ቡና ሌሊት ላይ ምን ይሠራል? ስለ ካፌይን ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ቡና የጠጣ ሰው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ሲተኛ፣ ከጠጣው ካፌይን ከሲሶ በላይ የሚሆነው ገና ሰውነቱ ውስጥ ነው። ይህ በአማካይ ጤናማ አዋቂ ላይ የሚታይ ነው፤ ከዚህም በጣም የሚዘገይባቸው ሰዎች አሉ። እንቅልፌ ተበላሸ የሚል ሰው ግን ጥፋቱን በጭንቀት፣ በፍራሹ ወይም በዕድሜው ላይ ይጥላል እንጂ ከሰባት ሰዓት በፊት የጠጣውን ቡና አያስታውሰውም። እንዳያስታውሰው የሚያደርጉት ደግሞ ጥቂት የተለመዱ የአስተሳሰብ ስህተቶች ናቸው።

መነቃቃቱ ሲያልፍ ካፌይኑም ያለቀ መምሰሉ

ካፌይን ወደ ሰውነት የሚገባው በጥድፊያ ነው። በተጠጣ በ45 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር መጠን ከአንጀት ወደ ደም ይሻገራል። የሚወጣው ግን በዝግታ ነው። ጉበት እየሰባበረ ማስወገድ አለበት፤ በአማካይ አዋቂ ላይ ግማሹን ለማስወገድ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ይህ ጊዜ ግማሽ ዕድሜ ይባላል። ብዙ ሰው የሚስተው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው፤ በቀጣዩ 5 ሰዓት የቀረው በሙሉ አይወጣም፣ የሚወጣው የቀረው ግማሽ ነው። ስለዚህ ከ10 ሰዓት በኋላም ሩብ ያህሉ ይቀራል።

ታዲያ ካፌይኑ ካለ መነቃቃቱ ለምን ይጠፋል? ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል። አዴኖሲን በነርቭ ሕዋሳት ላይ ባሉ ተቀባዮች ላይ ሲያርፍ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለናል። ካፌይን ቅርጹ አዴኖሲንን ስለሚመስል የእርሱን ወንበር ቀድሞ ይይዛል፤ ተቀምጦ ግን የእንቅልፉን መልእክት አያስተላልፍም። ድካሙን አላጠፋውም፤ እንዳይሰማን ብቻ አደረገ። አዴኖሲኑ እየበዛ፣ ካፌይኑ እየሳሳ ሲሄድ ድካሙ መሰማት ይጀምራል። በዚያች ሰዓት ግን ካፌይኑ አላለቀም፤ ተበለጠ እንጂ። ሌሊት ከተኛን በኋላ አዴኖሲኑ ሲቀንስ የቀረው ካፌይን ሥራውን ይቀጥላል፣ እንቅልፉም ይሳሳል።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። ጉበት ካፌይንን ሲሰብር በብዛት የሚያወጣው ፓራዛንቲን የሚባል ውህድ ነው፤ እርሱም ራሱ እንደ ካፌይን ያነቃል። የ5 ሰዓቱ ስሌት ይህን ውህድ አይቆጥርም።

«ቡና ጠጥቼም ቶሎ ይወስደኛል» ብሎ መተማመን

ከሁሉም ስህተቶች ጠንቀኛው ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የሚናገረው ሰው የሚዋሽ አይደለም። በእርግጥም ቶሎ ይወስደዋል። ቀኑን ሙሉ የተጠራቀመ ድካም አለበት፤ ባለፈው ሌሊት በደንብ ካልተኛ ደግሞ ያም ተጨምሯል። ነገር ግን ለመተኛት የፈጀበት ጊዜ ስለሌሊቱ የሚነግረው ጥቂት ነው። ካፌይን የሚነካው ጥልቁን እንቅልፍ፣ የእንቅልፉን ጠቅላላ ርዝመትና ሌሊት የመንቃትን ብዛት ጭምር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 በጆርናል ኦፍ ክሊኒካል ስሊፕ ሜዲስን ላይ የወጣ አንድ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። እንቅልፋቸው ጤናማ የሆነ 12 ሰዎች 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ሊተኙ ሲሉ፣ ከመተኛታቸው 3 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በፊት ወሰዱ፤ ለንጽጽር ደግሞ ካፌይን የሌለበት ክኒን ተሰጣቸው። ከ6 ሰዓት በፊት የወሰዱት እንኳ በመሣሪያ ሲለካ ከአንድ ሰዓት በላይ እንቅልፍ አሳጥቷቸዋል። በእንቅልፍ ማስታወሻቸው ላይ ግን ይህ ጉድለት እንዲህ ጎልቶ አልታየም። ተሳታፊዎቹ ጥቂት ናቸው፣ 400 ሚሊ ግራምም ትልቅ መጠን ነው፤ ስለዚህ አንዲት ኩባያ ቡና ይህን ያህል ትጎዳለች ማለት አይቻልም። የጥናቱ ዋና ቁም ነገር ሌላ ነው፤ የራሳችን ስሜት በዚህ ጉዳይ ላይ አስተማማኝ ምስክር አይደለም።

ምልክቱን መፈለግ ያለብዎት ጠዋት ላይ ነው። በቂ ሰዓት አልጋ ላይ ቆይተው ሳይታደሱ መነሣት፣ ከእንቅልፍ መሃል ያለ ምክንያት መንቃት፣ ከሰዓት በኋላ ዓይን እስኪከደን መድከም። ይህ የመጨረሻው ምልክት ደግሞ ሌላ ቡና ያስጠጣል፤ ያ ቡና የሚቀጥለውን ሌሊት ይቀንሳል።

የመጨረሻውን ኩባያ ብቻ መቁጠር

ካፌይን በየኩባያው ለየብቻ አይወጣም፤ ይደራረባል። አንድ ምሳሌ ወስደን እናስላ። አንዲት ሴት 200 ሚሊ ግራም ካፌይን ያለው ትልቅ ኩባያ ቡና ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ትጠጣለች። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ያንኑ ያህል ትደግማለች። የምትተኛው ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው፤ ግማሽ ዕድሜውን 5 ሰዓት እንበል።

ከጠዋቱ ቡና እስከ መኝታዋ 14 ሰዓት አለ። ከ200 ሚሊ ግራሙ የሚቀረው 29 ገደማ ነው። ከሁለተኛው ቡና እስከ መኝታዋ ያለው 7 ሰዓት ብቻ ስለሆነ ወደ 76 ሚሊ ግራም ይቀራል። ሲደመር 105 ይሆናል። ይህ የአንድ መካከለኛ ኩባያ ቡና ካፌይን ነው፤ መብራት ልታጠፋ ስትል አንድ ኩባያ የጠጣች ያህል መሆኑ ነው።

አሁን ሁለተኛውን ቡና ብቻ ወደ ቀኑ 6 ሰዓት እናምጣው። እስከ መኝታ 11 ሰዓት ይኖረዋል፣ ከእርሱ የሚቀረው ወደ 44 ሚሊ ግራም ይወርዳል፤ ድምሩም 73 ገደማ ይሆናል። ይህች ሴት የጠጣችው መጠን አልቀነሰም፤ ሰዓቱን ብቻ ቀይራ የመኝታ ሰዓቱን ጭነት በሲሶ ያህል አቀለለች። ሁለተኛውን ቡና በግማሽ ብታሳንሰው ድምሩ ወደ 51 ይወርዳል። ሰዓትና መጠን አብረው ሲስተካከሉ ውጤቱ እንዲህ ያምራል።

እ.ኤ.አ. በ2023 በርካታ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ አንድ ሥራም ወደዚሁ ያመለክታል፤ 107 ሚሊ ግራም ገደማ ካፌይን ያለው አንድ ኩባያ ቡና የእንቅልፉን ርዝመት እንዳይቀንስ ከመኝታ ቢያንስ ወደ 9 ሰዓት ገደማ አስቀድሞ መጠጣት እንዳለበት ገምቷል። ከምሽቱ 5 ሰዓት ለሚተኛ ሰው ይህ ከቀኑ 8 ሰዓት መሆኑ ነው። መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ከዚህም ቀደም ብሎ መጠጣት ያስፈልጋል።

የሌላውን ሰው ሰዓት ለራስ መውሰድ

5 ሰዓት አማካይ ነው። ጤናማ በሆኑ አዋቂዎች መካከል እንኳ ከ2 እስከ 10 ሰዓት ገደማ ይለያያል። አንዱ እራት በልቶ ቡና ጠጥቶ ሲተኛ ሌላው በቀትሩ ቡና ሌሊቱን ሲገላበጥ የሚያድረው የአመል ጉዳይ ሆኖ አይደለም፤ ካፌይን የሚሰብረው የጉበት ኢንዛይም ከሰው ሰው ፍጥነቱ ይለያያል። የአንጎል ተቀባዮች ስሜታዊነትም እንዲሁ።

የአንድ ሰው ሰዓት ራሱ በሕይወቱ ውስጥ ይቀያየራል። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የካፌይኑን ቆይታ ወደ እጥፍ ያደርሰዋል። በእርግዝና የመጨረሻ ወራት ግማሽ ዕድሜው 15 ሰዓት ገደማ ሊደርስ ይችላል። ያቺን ሴት እንደገና እንያት፤ እንክብሉን ጀምራ ግማሽ ዕድሜው 10 ሰዓት ቢሆንባት፣ በዚያው ቡና በዚያው ሰዓት ስትተኛ የሚቀረው 105 መሆኑ ቀርቶ 199 ሚሊ ግራም ይሆናል። ለዓመታት ያልረበሻት ቡና ድንገት ለምን እንቅልፍ እንደነሣት ላይገባት ይችላል።

ሲጋራ ደግሞ በተቃራኒው ይሠራል። ጭሱ ኢንዛይሙን ስለሚያበረታታ አጫሾች ካፌይንን በፍጥነት ያስወግዳሉ። ሲጋራ ያቆመ ሰው የቡናውን መጠን ካልቀነሰ በደሙ ውስጥ ያለው ካፌይን በቀናት ውስጥ በግልጽ ይጨምራል። እረፍት ማጣቱንና እንቅልፍ ማጣቱን ሁሉ የሲጋራ ሱስ መላቀቂያ ሕመም ነው ብሎ ይቀበለዋል፤ ከፊሉ ግን የቡናው ሥራ ሊሆን ይችላል። ለማቆም ለሚታገል ሰው ይህን ማወቅ ትልቅ እገዛ ነው። መድኃኒትም እንዲሁ ያዘገያል፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለው ፀረ ተሕዋሲያንና ፍሉቮክሳሚን የተባለው የድብርት መድኃኒት ኢንዛይሙን ይይዙታል። አዲስ መድኃኒት ሲታዘዝልዎት ከካፌይን ጋር ስላለው ነገር ፋርማሲስቱን ይጠይቁ።

ቡናን ብቻ መጠርጠር

ሻይ በኩባያ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ግራም ገደማ ሊይዝ ይችላል። 250 ሚሊ ሊትር የኃይል መጠጥ 80 ገደማ፣ አንድ ጣሳ ኮላ 35 ገደማ አለው። አንዳንድ የራስ ምታት ክኒኖችም ካፌይን ይጨመርባቸዋል፤ መለያው ላይ ተጽፏል። ካፌይኑ የወጣለት የሚባለው ቡና እንኳ ጥቂት ይቀረዋል፣ ያ ግን አብዛኛውን ሰው አይረብሽም።

በአንድ ሌሊት ለመፈተን መሞከር

«ትናንት ከሰዓት በኋላ አልጠጣሁም፤ ለውጥ የለም» የሚሉ ሰዎች ያቆሙት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከሆነ ፈተናው ተበላሽቷል። አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራስ ምታት፣ መፍዘዝና ብስጭት ይጀምረዋል፤ ይህም እስከ 9 ቀን ሊዘልቅ ይችላል። በዚያ ሁኔታ የተኛው እንቅልፍ ምንም አያስረዳም።

የጠዋቱን ቡና አይንኩት። የከሰዓቱን በየሦስት አራት ቀኑ በአንድ ሰዓት ያህል እያስቀደሙ ቀትር ላይ ያድርሱት፤ ከዚያ ለሁለት ሳምንት እዚያው ያቆዩት። የመኝታና የመነሻ ሰዓትዎ በእነዚያ ሳምንታት እንዳይዋዥቅ ይጠንቀቁ፣ አለበለዚያ ለውጡ ከየት እንደመጣ አይለይም። በየጠዋቱ ሁለት ነገር ብቻ ይጻፉ፤ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደነቁና ሲነሡ ምን ያህል እንደታደሱ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሰዓት በኋላ ላይ ሊከብዱ ይችላሉ፤ የተጠራቀመው የእንቅልፍ ዕዳ ገና አልተከፈለም። ሁለቱ ሳምንታት አልፈው ምንም ካልተቀየረ፣ በተለይም ከባድ ማንኮራፋት ወይም በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ ማቋረጥ ካለ፣ ምክንያቱ ከካፌይን ውጭ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ጋ ይሂዱ፤ የጻፉትንም ይዘው።