ባዶ ቦታ ሙላ ላይ ለምን እንደምስት ሲገባኝ

የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ «ባዶ ቦታ ሙላ» የሚለው ክፍል ሁሌም ጉድ ያደርገኝ ነበር። ቃላቱን አውቃቸዋለሁ፤ ግን እስታለሁ። አንድ ቀን ስህተቶቼን ሰብስቤ ሳያቸው ነገሩ ተገለጠልኝ። ከ«ዲሲዥን» በፊት «ጊቭ» ብዬ ሞልቻለሁ። በአማርኛ ውሳኔ እንሰጣለና! እንግሊዝኛው ግን «ሜክ» ነው የሚለው። ፎቶም እኛ እናነሳለን፣ እነሱ «ቴክ» ይላሉ።

ስለዚህ ነጠላ ቃል ከነትርጉሙ መጻፍ ተውኩ። አሁን በማጠናበት ካርድ ላይ የማሰፍረው ሙሉ ሐረግ ነው፦ «ሜክ ኤ ዲሲዥን አባውት»። ስከልስ ዛሬ «ሜክ»ን እሸፍናለሁ፣ ነገ «አባውት»ን። ፈተናው የትኛውን እንደሚያጎድል አይታወቅማ።

ፍሬዛል ቨርብ፣ ማለትም እንደ «አፕ» ወይም «ኦፍ» ካለ ትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ ሌላ ትርጉም የሚይዝ ግሥ፣ ሲመጣ ደግሞ ከባዶው በኋላ ያለውን ቃል ማየት ለመድኩ። «አይ ካንት ፑት ... ዊዝ ዘ ኖይዝ» ላይ ድሮ «ኦፍ» እል ነበር። «ዊዝ» እዚያው ቆሞ እያየኝ! መልሱ «አፕ» ነው፤ «ፑት አፕ ዊዝ» ማለት መታገስ። «ፑት ኦፍ»ን የያዝኩት ከስብሰባ ጋር ነው፦ «ፑት ኦፍ ዘ ሚቲንግ»፣ ወደ ሌላ ጊዜ ማስተላለፍ። ስብሰባው «ኢት» ከተባለ ግን መሃል ይገባል፦ «ፑት ኢት ኦፍ»። ለዚህ ሌላ ካርድ አወጣሁለት። ደንቡ አልያዝ ብሎኝ ነበር፣ ጆሮዬ ያዘው።