ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሩጫ ስትመለሺ እነዚህን ስህተቶች እንዳትሠሪ

እህቴ፣ ሁለት ዓመት ዱባይ ኖረሽ፣ ስፖርት የሚባል ነገር ሳትነኪ ቆይተሽ፣ ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት መስቀል አደባባይ ተገኘሽ። በጣም ደስ ብሎኛል። ግን ገና ሳንጀምር "ድሮ 5 ኪሎ ሜትር ሳላቋርጥ እሮጥ ነበር፣ ዛሬም እሱን ልሞክር" አልሽኝ። የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው።

ትንፋሽ ቶሎ ይመለሳል፣ በሦስት በአራት ሳምንት ልዩነቱን ታዪዋለሽ። ጅማትና አጥንት ግን ቀስ ብለው ነው የሚጠነክሩት፣ ወራት ይፈልጋሉ። ለዚህ ነው ብዙ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን ሦስተኛው ሳምንት አካባቢ የሚጎዳው፤ ትንፋሹ "ጨምር" ይለዋል፣ እግሩ ግን ገና አልደረሰም።

ስለዚህ 5 ደቂቃ ፈጠን ብለሽ ተራመጂና ሰውነትሽን አሟሙቂ። ከዚያ 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ እንዲህ እያልሽ 8 ጊዜ። በቃ፣ 24 ደቂቃ ነው። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ። ሁለት ሳምንት ሳትጨምሪ በዚሁ ቆዪ፣ ቢቀልሽም። ከዚያ 2 ደቂቃ ሩጫ በ2 ደቂቃ እርምጃ፣ 6 ጊዜ እናደርገዋለን። አንድ ቀን ከቀረሽ ደግሞ በሚቀጥለው ቀን እጥፍ ሠርተሽ ለማካካስ አትሞክሪ፣ ካቆምሽበት ቀጥዪ።

ሌላው ፍጥነት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አንቺ የመጣሽው ከዱባይ፣ ከባሕር ጠረፍ ነው። ልብሽ ቶሎ ቶሎ ቢመታ አይግረምሽ። መለኪያሽ እየሮጥሽ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር መቻልሽ ነው። ቃል በቃል እየቆራረጥሽ ከሆነ ፈጥነሻል፣ ቀንሺ። አጠገብሽ የሚያልፉትን ልጆች ተያቸው፣ እነሱ እዚህ ስንት ዓመታቸው ነው! ደረትሽን ከጨመቀሽ ወይም ከዞረብሽ ግን ወዲያው አቁሚና ሐኪም ጋ ሂጂ።

ደረጃውንም ለጊዜው ተዪው። ሰው መውጣቱን ነው የሚፈራው፣ ጡንቻን ይበልጥ የሚያሳምመው ግን መውረዱ ነው፤ በማግስቱ ወንበር ላይ መቀመጥ ያቅትሻል።

አሁን ደግሞ ትልቁ ስህተት፣ ሕመምን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት። በማግስቱና በሁለተኛው ቀን ሁለቱም ባቶችሽ ቢዝሉ፣ ሲነኩ ቢያምሙ፣ ስትንቀሳቀሺ ግን ቀለል ካለሽ፣ ያ የጡንቻ ሕመም ነው፣ በራሱ ይለቃል። በአንድ ጣት "እዚህ ጋ" ብለሽ የምታሳዪኝ ሕመም፣ በተለይ የቅልጥምሽ አጥንት ላይ፣ በሮጥሽ ቁጥር የሚብስ ከሆነ ግን ሩጫውን አቁሚና ንገሪኝ። ስትራመጂ ወይም ሌሊት ተኝተሽ ካመመሽ ሐኪም ይየው። "ይለቀኛል" ብለው ሮጠውበት አጥንታቸው የተሰነጠቀ፣ ለወራት ከሩጫ የራቁ ሰዎች አሉ።

በይ፣ የጫማሽን ክር ጠበቅ አድርጊ። የመጀመሪያዋን ደቂቃ አብሬሽ እሮጣለሁ፣ አንቺ እያወራሽኝ ነይ።