የኮሚሽን መግለጫ ሲመረመር የሚፈጸሙ ስህተቶች

የወሩ የኮሚሽን መግለጫ ሲደርሰን አብዛኞቻችን በቅድሚያ የምናየው የመጨረሻውን ድምር ነው፤ ስህተቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከድምሩ በላይ ባሉት መስመሮች ላይ ነው። የአንድ የሽያጭ ሠራተኛ ውል እስከ 500,000 ብር ላለው ሽያጭ 2 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1,000,000 ብር ላለው 3 በመቶ፣ ከ1,000,000 ብር ለሚያልፈው ደግሞ 5 በመቶ ይከፍላል፤ ሽያጩም የሚለካው ከቫት በፊት ባለው ዋጋ ነው እንበል።

የመጀመሪያው ስህተት የቫት አወጣጥ ነው። የደረሰኞቹ ድምር ከቫት ጋር 1,265,000 ብር ቢሆን፣ ከዚህ ላይ 15 በመቶ ቀንሶ 1,075,250 ብር መጻፍ ትክክል አይደለም። ቫቱ የተጨመረው በመነሻው ዋጋ ላይ ስለሆነ ድምሩ ለ1.15 መካፈል አለበት፤ ውጤቱም 1,100,000 ብር ነው። የጎደለው 24,750 ብር 5 በመቶ የሚከፈልበት ስለነበር ሠራተኛው 1,237.50 ብር ያጣል።

ሁለተኛው ስህተት የደረሱበትን የመጨረሻ መቶኛ በሽያጩ ሁሉ ላይ ማባዛት ነው። በዚህ ውል መሠረት እያንዳንዱ እርከን በራሱ መቶኛ ስለሚሰላ ኮሚሽኑ 10,000፣ 15,000 እና 5,000 ተደምሮ 30,000 ብር ነው እንጂ 55,000 ብር አይደለም። ከፍተኛውን መቶኛ ከመጀመሪያው ብር ጀምሮ የሚከፍሉ ውሎችም ስላሉ፣ ሒሳቡን ከመንካት በፊት የውሉን ቃል ማንበብ ግድ ይላል። በኤክሴል ለማመሳከር የተጣራውን ሽያጭ A1 ላይ አስገብቶ የሚከተለውን መጻፍ ይበቃል፦

```
=MIN(A1,500000)*2%+MAX(0,MIN(A1,1000000)-500000)*3%+MAX(0,A1-1000000)*5%
```

በወሰኑ ላይ «ሲደርስ» እና «ሲያልፍ» የሚሉት ቃላት በእርከን ስሌት ለውጥ አያመጡም፤ ዕቅድ ለመታ ሠራተኛ ቦነስ ሲኖር ግን ልክ 1,000,000 ብር የሸጠ ሰው ማግኘት አለማግኘቱን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። መግለጫው 100 በመቶ ቢልም 99.6 በመቶ ወደ ላይ ተጠጋግቶ ሊሆን ስለሚችል፣ መታየት ያለበት የብሩ መጠን ነው።

በጣም የሚጎዳው ስህተት የሚገኘው ዕቃ ሲመለስ ነው። በቀጣዩ ወር ከዚያው ሽያጭ ያለ ቫት 150,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ ተመለሰ እንበል። በላይኛው መቶኛ በቀጥታ ተባዝቶ 7,500 ብር ሲቀነስ ትክክል ይመስላል፤ ነገር ግን ከተመለሰው ውስጥ ኮሚሽን በ5 በመቶ የተከፈለበት 100,000 ብሩ ብቻ ነበር፤ ቀሪው 50,000 ብር የተከፈለበት በ3 በመቶ ነው። ውሉ ተመላሹ በሽያጩ ወር ሒሳብ እንዲታረም የሚል ከሆነ፣ የዚያን ወር ሽያጭ 950,000 ብር አድርጎ እንደገና ማስላት ይገባል፤ ኮሚሽኑ 23,500 ብር ስለሚሆን መቀነስ ያለበት 6,500 ብር ነው። ይኸው 150,000 ብር ከአዲሱ ወር ሽያጭ ላይም ተቀንሶ ከተገኘ ሠራተኛው ለአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ እየከፈለ ነው፤ ይህን ለማወቅ የተመላሹን ደረሰኝ ቁጥር ይዞ በሁለቱም ወራት መግለጫ ላይ መፈለግ ያስፈልጋል።