«see more» ከመቁረጡ በፊት፦ የሊንክድኢን ማጠቃለያ የመጀመሪያ ሁለት መስመሮች ችግርና መፍትሔ

በሊንክድኢን ገጽ ላይ `About` የሚለው ክፍል እስከ 2,600 ፊደል ይይዛል። ገጹን የከፈተ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያየው ጥቂት መስመሮቹን ብቻ ነው፤ የቀረውን ለማንበብ `…see more` የሚለውን መጫን አለበት። ስንት መስመር እንደሚታይ በስክሪኑ ስፋትና በፊደሉ መጠን ስለሚለያይ፣ ተማምነው ሊጽፉባቸው የሚገባው የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ናቸው። ከታች ያሉት ችግሮች ሁሉ ከእነዚህ ሁለት መስመሮች ይነሳሉ። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ አንደኛው ከሁሉም ይከፋልና ሰፋ አድርገን እናየዋለን።

ጥገና ከመጀመርዎ በፊት፦ መቁረጫው የት ይወድቃል?

በሚጽፉበት ሳጥን ውስጥ የሚያዩት አሰላለፍ አንባቢው ከሚያየው ጋር አንድ አይደለም። ስለዚህ ጽሑፉን በ`Save` ካስቀመጡ በኋላ ገጽዎን በስልክ ይክፈቱትና ከመቁረጫው በፊት በሁለተኛው መስመር መጨረሻ ላይ ያለውን ቃል ይያዙ። ከመጀመሪያው ፊደል እስከዚያ ቃል ድረስ ያለውን ቀድተው ፊደል በሚቆጥር መጻፊያ ላይ ይለጥፉት። ክፍት ቦታም እንደ ፊደል ይቆጠራል። ከተገኘው ቁጥር ላይ አሥር ያህል ቀንሰው የቀረውን እንደ ወሰን ይያዙ፤ ቅናሹ የሚያስፈልገው ከእርስዎ ስልክ የጠበበ ስክሪን ላለው ወይም ፊደሉን አጉልቶ ለሚያነብ ሰው ነው።

ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ የተሰጠ የፊደል ቁጥር ካገኙ ለአማርኛ አይጠቀሙበት። የግዕዝ ፊደል ከላቲኑ ሰፋ ያለ ስለሆነ በአንድ መስመር ላይ የሚገባው ቁጥር ያንሳል። በሌላ በኩል አንዱ ፊደላችን ተነባቢውንም አናባቢውንም አንድ ላይ ስለሚይዝ፣ ያንኑ ሐሳብ ለመግለጽ የሚያስፈልገው ፊደልም ያነሰ ነው። ልኩ የሚታወቀው በራስዎ ጽሑፍ ሲለካ ብቻ ነው።

ችግር፦ ሁለቱ መስመሮች ሞልተዋል፤ ሰውየው ምን እንደሚሠራ ግን አይታወቅም

ይህ ዋናው ነው። የሚከተለውን መክፈቻ ይመልከቱ፦

«ላለፉት ዓመታት በተለያዩ አስመጪና አከፋፋይ ድርጅቶች ውስጥ ከጀማሪ ሠራተኛነት እስከ ከፍተኛ የሂሳብ ባለሙያነት በማገልገል ባካበትኩት ልምድ በመታገዝ የወር ሂሳብ መዝጊያን…»

መዝጊያውን ምን ያደርገዋል? ያዘጋጃል፣ ይመረምራል፣ ያስተምራል? መልሱ ከመቁረጫው ማዶ ነው።

ምክንያቱ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ግሡን መጨረሻ ላይ ማስቀመጡ ነው። በተለይ በማመልከቻ ደብዳቤ የለመድነው አጻጻፍ «በማገልገል»፣ «በመታገዝ»፣ «በመሆኔ» እያለ ሐረግ በሐረግ ላይ ይደርብና ማሰሪያውን አራተኛው መስመር ላይ ያመጣዋል። ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ስለሚነበብ እዚያ አይጎዳም። እዚህ ግን የሚቆረጠው ሁልጊዜ የዐረፍተ ነገሩ ጭራ ነው፤ ጭራው ላይ ያለው ደግሞ ትርጉሙን የሚይዘው ግሥ ነው።

አሉታዊ ማሰሪያ ሲሆን ጉዳቱ ይብሳል። «የምሠራው የግብር ማስታወቂያ ማዘጋጀት ብቻ አይደለም» ብሎ የጀመረ ሰው ከ«ብቻ» በኋላ ከተቆረጠ፣ አንባቢው የሚያነበው የታሰበውን ተቃራኒ ነው። ስለዚህ በሁለቱ መስመሮች ውስጥ በ«አይደለም»፣ በ«ሳይሆን» ወይም በ«አልልም» ላይ የሚንጠለጠል ሐሳብ ፈጽሞ አያስገቡ።

መፍትሔው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ረጅሙን ዐረፍተ ነገር እስከ አራት ነጥቡ ያንብቡና የመጨረሻውን ግሥ ያውጡ። ከላይ ያለው ሰው ሙሉውን ሲጽፍ ማሰሪያው «አሳጥራለሁ» ነበር እንበል። ከዚያ ግሡ የሚያርፍበትን ነገርና የማን እንደሆነ ብቻ ይጨምሩ፦ የወር ሂሳብ መዝጊያ፣ የአስመጪ ድርጅቶች። በ«በ» የጀመሩትን ደራቢ ሐረጎች በሙሉ ወደ ሁለተኛው አንቀጽ ያውርዷቸው። የሚቀረው ይህ ነው፦

«የአስመጪ ድርጅቶችን የወር ሂሳብ መዝጊያ አሳጥራለሁ።»

ክፍት ቦታውንና አራት ነጥቡን ጨምሮ 33 ፊደል ነው። ቀጥሎ አንድ የሚረጋገጥ ውጤት ይግባ፦

«ባለፈው ሥራዬ ከ12 ቀን ወደ 5 ቀን ወርዷል።»

ይህም 29 ፊደል ነው፤ በመካከላቸው ካለው ክፍት ቦታ ጋር ሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች 63 ፊደል ይዘው ያልቃሉ። ቁጥሮቹ እዚህ ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው። በራስዎ ገጽ ላይ የሚጽፉት ቁጥር ግን በቃለ መጠይቅ ላይ «እንዴት?» ተብለው ሲጠየቁ ከመዝገብ ሊያሳዩት የሚችሉት መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ቁጥር ከሌለዎት ውጤቱን ትተው አሠራሩን ይጻፉ፤ የተፈጠረ ቁጥር ከማስቀመጥ ቁጥር አለመኖሩ በብዙ ይሻላል።

ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ቢቆረጥም የማይጎዳ ይሁን። ለምሳሌ፦

«መዘግየቱ የሚጀምርበትን ቦታ የማገኘው የመጋዘኑን ቆጠራና የባንኩን መግለጫ ጎን ለጎን በማየት ነው።»

እዚህ ላይ አጻጻፉን ልብ ይበሉ። «የማገኘው… ነው» የሚለው ቅርጽ ግሡን ወደ ፊት አምጥቶ መጨረሻ ላይ የሚተወው «ነው»ን ብቻ ነው። ከ«የማገኘው» በኋላ የትም ቢቆረጥ፣ አንባቢው ስለ ምን እንደሚነገር ያውቃል፤ የጎደለው «እንዴት?» የሚለው መልስ ብቻ ነው። `see more`ን የሚያስጫነው ይህ ዓይነቱ ጉድለት ነው። የመጀመሪያውንም ዐረፍተ ነገር በዚህ መልክ መጻፍ ይቻላል፦ «የማሳጥረው የአስመጪ ድርጅቶችን የወር ሂሳብ መዝጊያ ነው።» ነገር ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ ጆሮ ይሰለቸዋልና ለአንዱ ብቻ ይጠቀሙበት።

ችግር፦ መክፈቻው ሙሉ ነው፣ ግን አዲስ ነገር አይናገርም

ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ መደጋገም ነው። `About` ላይ የደረሰ ሰው ስምዎን፣ ፎቶዎንና ከስምዎ ሥር ያለውን የሙያ መስመር አስቀድሞ አይቷል። የሙያው መስመር «ከፍተኛ የሂሳብ ባለሙያ» ካለ፣ «እኔ ከፍተኛ የሂሳብ ባለሙያ ስሆን» ብሎ መጀመር ከሁለቱ መስመሮች ግማሹን ያባክናል። «እንኳን ወደ ገጼ በደህና መጡ» እና «ስሜ እገሌ ይባላል» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። ትሕትናቸው ያስመሰግናል፤ ቦታቸው ግን ወይ የመልእክት መክፈቻ ነው፣ ወይ የጽሑፉ መጨረሻ።

መፈተኛው ቀላል ነው። የሙያውን መስመርና ሁለቱን የማጠቃለያ መስመሮች ከላይና ከታች አድርገው ይጻፏቸው። በሁለቱም የሚገኘውን ቃል ሁሉ ከማጠቃለያው ይሰርዙ። ከስረዛው በኋላ የሚቀረው «ታታሪ»፣ «ተግባቢ»፣ «የካበተ ልምድ ያለው» ብቻ ከሆነ፣ መክፈቻው ገና አልተጻፈም ማለት ነው። እነዚህ ቃላት ለሂሳብ ባለሙያም ለነርስም ለሹፌርም እኩል ስለሚሠሩ አንዱን ሰው ከሌላው አይለዩም። ተጠቃሚው ማን እንደሆነና ለእሱ ምን እንደሚለወጥ የሚናገር ስምና ግሥ በቦታቸው ይተኩ።

ችግር፦ በስልክ ላይ አንድ መስመር ብቻ ይታያል

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ መስመር ነው። ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር በኋላ `Enter`ን ሁለት ጊዜ ከተጫኑ የሚፈጠረው ክፍተት ከሚታዩት መስመሮች አንዱን ይወስዳል። በኮምፒውተር ላይ ሲያዩት ጽሑፉን አየር የሰጠው ይመስላል፤ በስልክ ላይ ግን ሁለተኛውን መስመር ይበላዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወይም ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ያለ ክፍተት በአንድ አንቀጽ ይጻፏቸውና ባዶውን መስመር ከእነሱ በኋላ ያስገቡ። በመጀመሪያው መስመር ላይ የተደረደሩ ስዕላዊ ምልክቶችና ኮከቦችም ቦታ ከመያዝ በቀር የሚሠሩት ስለሌለ ያውጧቸው።

ችግር፦ በኮምፒውተር ትክክል ነው፣ በስልክ ግን መሃል ላይ ይሰበራል

ከስፋቱ ልዩነት የመጣ ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ልክ ማስማማት አይቻልም። ስለዚህ መቁረጫው የሚወድቅበትን ቃል ለማስተካከል ሲባል ቃል መጨመርና መቀነስ ድካም ብቻ ነው፤ ነገ ስክሪኑ ወይም የመተግበሪያው ገጽታ ሲቀየር ይበላሻል። የሚበጀው ዐረፍተ ነገሮቹን ማሳጠር ነው። የመጀመሪያው ከአንድ የስልክ መስመር ብዙ ካልበለጠና አራት ነጥቡን ካገኘ፣ ከዚያ በኋላ የትም ቢቆረጥ ዋናው ነገር ደርሷል። በአንድ ረጅም ዐረፍተ ነገር ሁለቱን መስመሮች መሙላት ግን፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ በጠባብ ስክሪን ላይ ግሡን ያጣል።

ችግር፦ ሰዎች ይከፍቱታል፣ ግን መልእክት አይመጣም

እዚህ ላይ መክፈቻው ሥራውን ሠርቶ ሊሆን ይችላል፤ ተከታዩን አንቀጽ ይመርምሩ። ሁለቱ መስመሮች ስለ ወር መዝጊያ ተናግረው ተከታዩ አንቀጽ ስለ ትምህርት ቤት ዘመን የሚያወራ ከሆነ፣ አንባቢው የከፈተበትን ነገር አላገኘም። ከመቁረጫው ቀጥሎ የሚመጣው የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ከላይ የተባለውን ማብራራት አለበት፦ መዝጊያው ከ12 ቀን ወደ 5 ቀን እንዴት ወረደ፣ የትኛው ሥራ ቀድሞ ተሠራ፣ ከማን ጋር። ወደ ታች ያወረዷቸው የልምድና የትምህርት ሐረጎች ከዚያ ይቀጥላሉ፤ በምን ጉዳይና በምን መንገድ ሊገኙ እንደሚችሉ የሚናገረው መስመር ደግሞ የመጨረሻው ይሁን።

ማስተካከያውን ካስቀመጡ በኋላ ጽሑፉን ለማያውቅ አንድ ሰው በራሱ ስልክ ገጽዎን እንዲከፍት ይጠይቁት። `see more`ን ሳይጫን «ይህ ሰው ለማን፣ ምን ይሠራል?» ለሚለው በአንድ ዐረፍተ ነገር ይመልስ። የድርጅቱን ዓይነት ከተናገረና ሥራውን ከሳተ ግሡ አልደረሰውም፤ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ያሳጥሩ። ሥራውን ተናግሮ ለማን እንደሆነ ካላወቀ ደግሞ ከግሡ በፊት ያለው ስም ጠቅላላ ነው፦ «ድርጅቶችን» ያለው «አስመጪ ድርጅቶችን» ይባል።