የእድር ጠቅላላ ጉባኤ ስትጠሩ ቀነ ገደቡን እንዲህ ጻፉት

የእድራችን ጸሐፊ ሆኜ መጀመሪያ የጻፍኩት የጥሪ ደብዳቤ «መገኘትዎን ቀደም ብለው ያሳውቁን» ነበር የሚለው። ያሳወቀ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ድንኳን ተተክሎ፣ ወንበር ተከራይተን ምልዓተ ጉባኤው ሳይሞላ ቀረና ተበተንን። አባላቱ አጥፍተው አይደለም። «ቀደም ብለው» ቀን አይደለም።

አሁን እንዲህ ነው የምጽፈው፦ «ጉባኤው እሑድ ጥር 16 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። መምጣት አለመምጣትዎን እስከ ሐሙስ ጥር 6 ቀን፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ድረስ ለጸሐፊው በስልክ ወይም በቴሌግራም ይንገሩን።» «አለመምጣትዎን» የሚለውን እንዳትተዉት። የማይመጣ ሰው ካልተጠየቀ ዝም ነው የሚለው፤ ዝም ያለው ደግሞ ይምጣ ይቅር አይታወቅም።

አሥሩ ቀን ለምን? አባላቱ 120 ናቸው እንበል። ደንቡ ግማሽ ሲደመር አንድ ካለ 61 ሰው ያስፈልጋል። ጥር 6 ማታ «እመጣለሁ» ያሉት 48 ከሆኑ 13 ይጎድላል። መልስ ላልሰጡት እየደወሉ ለመሙላት አሥር ቀን ይበቃል። እኔ ግን 61 ላይ አላቆምም፣ 75 እስኪደርስ እደውላለሁ። ለቅሶ ወይም ሕመም የሚያስቀረው ሰው አይጠፋም።

አንድ መስመር ጨምሩበት፦ «ሳያሳውቁ የቀሩ አባላትም በጉባኤው ዕለት መገኘትና ድምፅ መስጠት ይችላሉ።» ይህ ከሌለ ቀኑ ያለፈበት ሰው «አልተፈቀደልኝም» ብሎ ቤቱ ይቀራል።