ቀለሙ 8 ሚሊ ሊትር ሳይሞላ ተቀየረብኝ

25 ሚሊ ሊትር አሴቲክ አሲድ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ቲትሬት እያደረግሁ ነበር። ሁለቱም 0.1 ሞላር ናቸው። ስለዚህ 25 ሚሊ ሊትር ቤዝ መውሰድ ነበረበት። ማብቂያውን በቀለም እንዲያሳየኝ የጨመርኩት ሜቲል ኦሬንጅ ግን ገና 8 ሳይሞላ ቢጫ ሆኖ ቁጭ አለ። ያውም ቁርጥ ብሎ አልተቀየረም፤ ከቀይ ወደ ብርቱካን፣ ከዚያ ወደ ቢጫ ቀስ እያለ ተንሸራተተ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቤዙን ነው። በከንቱ አማሁት።

ፒኤች ሜትር ይዤ እንደገና ሠራሁና ግራፉን ሳልኩት። 24.9 ላይ ፒኤቹ 7.2 አካባቢ ነው፤ 25.1 ላይ 10.3። አራት ጠብታ ገደማ ብቻ! ኩርባው ቀጥ ብሎ የሚወጣው እዚህ ጋ ነው። የእኩልነት ነጥቡ 8.7 ላይ ነው፤ ከ7 የበለጠው ፍላስኩ ውስጥ የቀረው አሲቴት ራሱ ደካማ ቤዝ ስለሆነ ነው።

ሜቲል ኦሬንጅ የሚቀየረው ከ3.1 እስከ 4.4 ባለው ነው። እዚያ ኩርባው ገና ዝግ እያለ ነው የሚወጣው። ፊኖልፍታሊን ግን ከ8.2 እስከ 10 ስለሆነ ቀጥ ያለው ክፍል ውስጥ ይገባል። ቀየርኩት። 25.0 ላይ አንዲት ጠብታ ፈዛዛ ሮዝ አደረገችው፤ እየነቀነቅሁትም 30 ሰከንድ ቆየ። ቆይቶ ቢደበዝዝ ከአየር የገባ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ሌላ ቤዝ አትጨምሩ።