የደመወዝ ቴምፕሌት ለተመልካቾቼ ስሸጥ የሠራኋቸው፣ እናንተም የምትደግሟቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት ኤክሴልን በአማርኛ የሚያስተምር አንድ ወጣት ደወለልኝ። ቻናሉ ጥሩ ተመልካች አለው። «ጋሼ፣ ኮርሱን ቀርጬ ጨረስኩ፤ ስድሳ ቪዲዮ ነው። ዋጋውን ስንት ልበል?» አለኝ። ማን እንደሚገዛው ጠየቅኩት። «ተመልካቾቼ ናቸዋ!» አለ፣ ጥያቄዬ ገርሞት። ዘንድሮ እንዲህ ብሎ የደወለልኝ አራተኛው ሰው ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ጽፌው ልገላገል።

እኔም ቻናል አለኝ፤ ለሒሳብ ሠራተኞች ኤክሴል አስተምራለሁ። የምሸጠው ደግሞ ለአነስተኛ ድርጅቶች የሚሆን የደመወዝ መክፈያ ቴምፕሌት ነው። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

«እንገዛለን» የሚለውን አስተያየት እንደ ትዕዛዝ መቁጠር

መጀመሪያ በቻናሌ ላይ «የደመወዝ መክፈያ ቴምፕሌት ብሠራ ትገዛላችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ። ከአራት መቶ በላይ ሰዎች «እንገዛለን» ብለው ጻፉ። አራት ወር ሙሉ ማታ ማታ ሠራሁ። በመጀመሪያው ወር ገንዘብ የከፈሉት አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ።

ተናድጄ ተመልካቹን ስወቅስ ከረምኩ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። የዩቲዩብ ስታቲስቲክስ ውስጥ ተመልካቾች ከየት አገር እንደሚያዩ የሚያሳየውን ገጽ ከፍቼ አላውቅም ነበር። ስከፍተው ከተመልካቾቼ ብዙዎቹ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኤምሬትስና አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ናቸው። ትምህርቱን ይወዱታል፣ ያበረታቱኛል፣ ነገር ግን አዲስ አበባ ውስጥ ለሠላሳ ሠራተኛ ደመወዝ የሚሠሩ አይደሉም። አገር ውስጥ ካሉትም ብዙዎቹ ተማሪዎች ናቸው። የእኔ ገዢ ወሩ በገባ በሃያ አምስተኛው ቀን የሠራተኞች ዝርዝር ፊቱ ተደርድሮ ላቡ የሚንጠፈጠፍ ሰው ነው። እሱ ደግሞ አስተያየት ለመጻፍ ጊዜ የለውም።

ከዚያ በኋላ ለከፈለ ሰው ሁሉ «ከየትኛው ቪዲዮ ነው የመጡት?» የሚል አንድ ጥያቄ እልካለሁ። ብዙ ሰው ያየው የአቋራጭ ቁልፎች ቪዲዮዬ አንድም ገዢ አላመጣልኝም ማለት ይቻላል። ገዢዎቼ የመጡት የሥራ ግብርን ስለ ማስላት ከሠራሁት፣ ድምፁ እንኳን በደንብ ከማይሰማ፣ ጥቂት ሰው ካየው ቪዲዮ ነው። አሁን አዲስ ነገር ልሠራ ስል የዋጋውን ግማሽ አስቀድሜ እጠይቃለሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥር ሰው ካልከፈለ ገንዘባቸውን እመልሳለሁ፤ ሥራውንም አልጀምረውም። እስካሁን አንዱን ሐሳብ በዚህ መንገድ ጥዬዋለሁ፤ አራት ወር ተረፈልኝ።

በነፃ የለመዱትን አስረዝሞ መሸጥ

ስድሳ ቪዲዮ የቀረጸው ልጅ ስህተት ይኸው ነው። ተመልካቹ እያንዳንዱን ትምህርት ከቻናሉ በነፃ ሲያገኝ ኖሯል። የእኔ ቴምፕሌት አብረውት የሚሄዱት ቪዲዮዎች ሰባት ናቸው፤ ረጅሙ ዘጠኝ ደቂቃ ነው። አዲስ ሠራተኛ እንዴት ይመዘገባል፣ የትርፍ ሰዓት የት ይጻፋል፣ የሠራተኛው 7 እና የአሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ የት ይታያል፣ የደመወዝ መግለጫው እንዴት ይታተማል። አበቃ።

በራስ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ሞክሮ መሸጥ

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ምክንያቱም ይህን ስህተት የሚሠሩት ጀማሪዎች ሳይሆኑ ጎበዞቹ ናቸው። አዲሱን ኤክሴል ጭነው፣ አዲስ የመጣውን ፋንክሽን ሁሉ ተጠቅመው፣ ውብ የሆነ ፋይል ይሠራሉ። ገዢው የሚጠቀመው ግን አለቃው ከዓመታት በፊት ያስጫነውን ኤክሴል ነው።

እኔ የግብር መጠኑን ከሰንጠረዥ ለማምጣት XLOOKUP ተጠቅሜ ነበር። ይህ ፋንክሽን በኤክሴል 2016 እና 2019 ውስጥ የለም። ክፋቱ ደግሞ ስህተቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው። ፋይሉ በአሮጌው ኤክሴል ሲከፈት እኔ አስቀምጬ የላክሁት ውጤት እንዳለ ይታያል፤ ስለዚህ ገዢው «ደርሶኛል፣ እናመሰግናለን» ይላል። የራሱን ሠራተኛ ደመወዝ የጻፈ ጊዜ ስሌቱ እንደ አዲስ ይሠራና ሴሉ ውስጥ `#NAME?` ይመጣል። ያ የሚሆነው ደግሞ ደመወዝ በሚሠራበት ቀን ነው። በአንድ ቀን ከምሳ በፊት አሥራ አንድ ስልክ ተደወለልኝ። አንዲት በዕድሜ የገፉ የሒሳብ ኃላፊ «ልጄ፣ ሰው ደመወዙን ይጠብቃል እኮ፤ እኔ ምን ልበላቸው?» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ምልክቱን ማወቅ ቀላል ነው፦ ሴሉን ስትጫኑ ቀመሩ ውስጥ ከፋንክሽኑ ስም ፊት `_xlfn.` የሚል ካያችሁ ያ ኮምፒውተር ፋንክሽኑን አያውቀውም ማለት ነው። አሁን የምጠቀምበት ቀመር ይህ ነው፤ ከድሮ ጀምሮ በነበረው VLOOKUP ብቻ የተሠራ ስለሆነ ያረጀ ኤክሴል ላይም አይወድቅም።

```
=C5*VLOOKUP(C5,Tax!$A$2:$C$7,2,TRUE)-VLOOKUP(C5,Tax!$A$2:$C$7,3,TRUE)
```

C5 ደመወዙ ነው። `Tax` የተባለው ገጽ ላይ የእርከኑ መነሻ፣ የግብሩ መቶኛና ተቀናሹ በሦስት ዓምድ ተቀምጠዋል። ከመሸጣችሁ በፊት ፋይሉን የጎረቤት መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ክፈቱትና አንድ ቁጥር ለውጡ። መክፈቱ ብቻ ምንም አይነግራችሁም። ብዙ ተመልካች ያለው ስልክ ብቻ መሆኑንም አትርሱ፤ ከመክፈሉ በፊት «በኮምፒውተር ነው ወይስ በስልክ የሚጠቀሙበት?» ብላችሁ ጠይቁት። በስልክ ነው ካለ እኔ አልሸጥለትም።

«አንድ ጊዜ ይክፈሉ፣ ለዘላለም ይጠቀሙ» ማለት

ይህን ጽፌ ስሸጥ ሕጉ ይለወጣል ብዬ አላሰብኩም። ከዚያ በ2017 ዓ.ም የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 መጣ። ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፤ እርከኖቹም በሙሉ ተቀየሩ።

በመጀመሪያው ቴምፕሌቴ ውስጥ የግብር መጠኖቹን ከፊሉን በሰንጠረዥ፣ ከፊሉን ደግሞ በየቀመሩ ውስጥ ቀብሬያቸው ነበር። 12,000 ብር የሚከፈለውን ሠራተኛ ውሰዱ። በድሮው ስሌት 35 በመቶ ተባዝቶ 1,500 ይቀነሳል፤ ግብሩ 2,700 ብር ነው። በአዲሱ 30 በመቶ ተባዝቶ 1,350 ይቀነሳል፤ ግብሩ 2,250 ብር ይሆናል። ከአንድ ሠራተኛ በወር 450 ብር ያለአግባብ ይቆረጣል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ፋይሉ `#NAME?` እንኳን አይልም፤ ንጹሕ መስሎ የተሳሳተ ቁጥር ያትማል።

ለገዢዎቼ ሁሉ አዲሱን ፋይል በነፃ መላክ ነበረብኝ፤ ቃሌ ነዋ። ችግሩ ግን ማን እንደገዛ በወጉ አልመዘገብኩም። ስማቸው ከቴሌግራም መልእክቶች መካከል ተበታትኖ ነበር፤ አንዳንዱ መለያውን ቀይሯል፣ አንዳንዱ ከመሥሪያ ቤቱ ለቋል። ሦስት ቀን መልእክት ሳገላብጥ ዋልኩ። አሁን ገዢ ሁሉ በአንድ ዝርዝር ውስጥ ከስልክ ቁጥሩና ከወሰደው የፋይል ቅጂ ቁጥር ጋር ይሰፍራል፤ ማሻሻያ የምሰጠውም ለአንድ ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣ አዲስ ሕግ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። ማንም አላማረረም። ማንኛውም ቁጥር በ`Tax` ገጽ ላይ እንጂ በቀመር ውስጥ እንዳይጻፍም ለራሴ ደንብ አወጣሁ።

የክፍያ ስክሪንሹት አምኖ ፋይል መላክ

አትላኩ። ስክሪንሹት ሥዕል ነው፤ ሥዕል ይቀየራል። እኔ አንዱን ስክሪንሹት ሦስት ሰዎች ልከውልኝ ሦስቱም ፋይሉን ወስደዋል። የግብይት ቁጥሩን በጽሑፍ እንዲልኩ አድርጉ፤ ቴሌብርም ሆነ ባንክ ወደ እናንተ ከላከው መልእክት ጋር አስተያዩትና ከዚያ መዝግቡት። የተመዘገበ ቁጥር ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ወዲያው ታውቃላችሁ። ሌሊት የመጣ ክፍያን ጠዋት አረጋግጣለሁ ብላችሁ ቻናሉ ላይ አስቀድማችሁ ጻፉ፤ ያለበለዚያ በሌሊት ሰባት ሰዓት «ሌባ» ትባላላችሁ።

ደረሰኝ የሌለው ሻጭ መሆን

ገዢያችሁ ድርጅት ከሆነ የመጀመሪያ ጥያቄው «ደረሰኝ አለ?» ነው። ከሌላችሁ ወጪውን መዝገብ ላይ ማስፈር ስለማይችል ሠራተኛው ከኪሱ ካልገዛ በቀር ሽያጩ የለም።

ቅጂን ሲያሳድዱ መዋል

አንድ ሰው ይገዛል፣ አሥር ይጠቀማሉ። ይህ ያንገበግባል፤ እኔም በመጀመሪያው ዓመት በየቴሌግራም ቡድኑ ፋይሌን ስፈልግ ነበር የምውለው። በኤክሴል ላይ የሚደረገው የገጽ መቆለፊያ ሰው ቀመር በስህተት እንዳያጠፋ ይረዳል እንጂ ሊሰርቅ የፈለገን አያቆምም፤ የሚፈታበትን መንገድ ማንም ፈልጎ ያገኘዋል። ያደረግኩት ነገር ቢኖር የገዢውን ድርጅት ስም በደመወዝ መግለጫው አናት ላይ ራሴ ጽፌ መላክ ብቻ ነው። ፈልጎ ያጠፋዋል፣ አውቃለሁ። ግን ብዙው ሰው አያጠፋውም።

አዋጁ በወጣ በሁለተኛው ወር አንድ የማላውቀው የሒሳብ ሠራተኛ ደወለ። ሠራተኞቹ ግብሩ በዝቶብናል ብለው አቤቱታ አቅርበውበታል። የግብሩን ቀመር እንዳስተካክልለት ጠየቀኝ። የድርጅቱን ስም ስጠይቀው የነገረኝ በዝርዝሬ ውስጥ የለም። «የደመወዝ መግለጫው አናት ላይ ማን ይላል?» አልኩት። ለአፍታ ዝም ካለ በኋላ የአንድ ሌላ ድርጅት ስም አነበበልኝ፤ እዚያ በነበረበት ጊዜ ይዞት የወጣው ፋይል ነው። ሁለታችንም ሳቅን።

«እሺ ጋሼ፣ አዲሱ ስንት ነው?» አለኝ።